የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር፦ በወረቀት፣ በፎርም፣ በቴሌግራም ወይስ በቲኬት ድረ ገጽ? ማን ይየው? እስከ መቼስ ይቆይ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሥልጠና ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ድርጅት፣ ስልክ፣ ፊርማ። በሻይ ሰዓት አንድ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ስልኩን ሲያነሳ አየሁት። የፕሮግራሙን ፎቶ የሚያነሳ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከሳምንት በኋላ ከሠልጣኞቹ አንዷ ደወለች። "አንድ የማላውቀው ሰው ማታ ማታ እየደወለ አስቸገረኝ። ሥልጠናው ላይ አይቼሻለሁ ይለኛል" አለችኝ። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ሴቶችም ይህንኑ ነገሩኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ሦስቱም ስሞች ያሉት ገጽ ሁለት ላይ ነው። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ የዋለው እሱ ገጽ ነበር።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ከዚያ ወዲህ ዝግጅት ባዘጋጀሁ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው አዳራሹን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው። ይህን የምጽፈው ከ30 እስከ 200 ሰው የሚመጣበት ሥልጠና፣ ስብሰባ ወይም ጉባኤ ለምታዘጋጁና "በምን እንመዝግብ?" ብላችሁ ግራ ለገባችሁ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የትኛውንም መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት በእነዚህ መዝኑት።

አንደኛ፣ አንዱ ተመዝጋቢ የሌላውን መረጃ ያያል ወይ? ሁለተኛ፣ ከአዘጋጆቹ መካከል ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ብቻ ማሳየት ይቻላል ወይ? በር ላይ የሚቆመው ልጅ ስም እንጂ ስልክ አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ መንገዱ ስንት ቅጂ ይወልዳል፤ አጠፋሁት ስትሉስ የምር ይጠፋል ወይ? አራተኛ፣ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ለሂሳብ ክፍልና ለኦዲተር ማስረጃ ይሆናል ወይ?

ብዙ ጊዜ የምንጣላው በአራተኛው ምክንያት ነው። "ለኦዲት ያስፈልጋል" ይባልና ሁሉም ነገር ለዘላለም ይቀመጣል። ግን ኦዲተሩ የሚፈልገው የክፍያውን ፊርማ እንጂ ማን ምን ዓይነት ምሳ እንዳዘዘ አይደለም። ነገሩን ያቀለለልኝ ሐሳብ ይሄ ነው፦ አንድ ዝርዝር የምንለው በውስጡ ሦስት አራት ዝርዝር አለው። የበር ዝርዝር አለ፣ የክፍያ ዝርዝር አለ፣ የመገናኛ ዝርዝር አለ፣ የምግብ ዝርዝር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ተመልካችና የራሱ ማብቂያ ቀን ሊኖረው ይገባል። አንድ ላይ ከተሰፉ ግን ሁሉም የረጅሙን ዕድሜ ይዘው ይቀራሉ።

ምግብን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። "ጾም ወይስ ፍስክ?" የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን በዐቢይ ጾም ወቅት ከአንድ ሰው ስም ጎን "ጾም" ብላችሁ ስትጽፉ ሃይማኖቱን ጻፋችሁ ማለት ነው። "ስኳር አለብኝ" የሚለው ደግሞ የጤና መረጃ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ዓይነቱን መረጃ ከተራው ለይቶ የበለጠ ጥበቃ ይሰጠዋል። መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ እንዳይቆይም ይጠይቃል። ሆቴሉ የሚፈልገው "42 ጾም፣ 78 ፍስክ" የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ስጡት፤ ስሙን አትስጡት።

ወረቀት

ወረቀት ኋላ ቀር ነው ብላችሁ አትናቁት። አንድ ወረቀት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ተቆልፎ ከተቀመጠ ማንም ከሩቅ አይሰርቀውም፤ ሲቀደድም በቃ ጠፋ። ለክፍያ ማስረጃም እስካሁን ከሁሉ በላይ ተቀባይነት ያለው በእጅ የተፈረመ ወረቀት ነው።

ችግሩ የመጀመሪያው መመዘኛ ላይ ነው። አሥራ አምስተኛው ፈራሚ የአሥራ አራቱን ስልክ ያነባል። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው። ስሞቹን ቀድማችሁ አትሙ፤ የስልክ ዓምዱን አውጡት፤ ሰው ስሙን ፈልጎ ይፈርም። ስልክ የግድ መቀበል ካለባችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ስጡትና ሞልቶ ሣጥን ውስጥ ይክተት። ለ120 ሰው አንድ ኤ4 ለአራት ብትቆርጡ 30 ወረቀት ይበቃል። የሚፈረምበትን ወረቀትም ተገልጦ አትተዉት። ያስፈረመው ሰው እጅ ውስጥ ይሁን፤ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ይዞት ይሂድ።

ከዚያ በኋላ ያለው አደጋ ስልክ ነው። አስተባባሪው "ለመጠባበቂያ" ብሎ ወረቀቱን ፎቶ ያነሳና ለሂሳብ ክፍል በቴሌግራም ይልካል። አሁን አንድ የነበረው ወረቀት በስልኩ ጋለሪ፣ በቴሌግራም ቻቱና በተቀባይዋ ኮምፒውተር ላይ አለ። የቴሌግራም የኮምፒውተር መተግበሪያ የወረደን ፋይል `Downloads` ውስጥ `Telegram Desktop` የሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። ቻቱን ብታጠፉትም ፋይሉ እዚያው ይቀራል። ከመጣል በፊት ያን ፎልደር ከፍታችሁ እዩ፤ የሦስት ዓመት የስም ዝርዝር ታገኙበታላችሁ።

የኢንተርኔት ፎርም

ጎግል ፎርም ነጻ ነው፣ ሁሉም ይለምደዋል። ተመዝጋቢው የሌላውን አያይም፤ ግን አንድ ነገር ካልከፈታችሁ ነው። `Settings` ውስጥ `Presentation` ሥር `View results summary` የሚል ምርጫ አለ። እሱ ከበራ ፎርሙን የሞላ ሰው የሌሎችን መልስ ሊያይ ይችላል። ሲከፈት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሆኖም ከሌላ ሰው የተቀዳ ፎርም ከተጠቀማችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ቀዳዳ መልሶቹ የሚጠራቀሙበት ሺት ነው። ለአንድ ባልደረባ ለማሳየት ተቸኩሎ `Anyone with the link` ይደረግና ሊንኩ ከቡድን ወደ ቡድን ይዞራል። ሁልጊዜ `Restricted` ይሁን፤ ሰዎቹን በኢሜይላቸው አንድ በአንድ ጨምሯቸው። ለበረኛው ደግሞ ዋናውን ሺት አታጋሩት። ስምና ተራ ቁጥር ብቻ ያለበት ሌላ ሺት አዘጋጁለት። ዓምድ መደበቅ ማጥፋት አይደለም። የስልኩን ዓምድ ደብቄ ላክሁ ያለ ሰው ተቀባዩ በሁለት ክሊክ መልሶ እንደሚያወጣው ይወቅ።

ማጥፋቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ፎርሙና ሺቱ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ናቸው። ሺቱን ብታጠፉ መልሶቹ ፎርሙ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ `Responses` ገብታችሁ ከሦስቱ ነጥቦች ሥር `Delete all responses` በሉ። ሺቱ ላይ ደግሞ የስልክ ዓምዱን ብቻ ብታጠፉ `Version history` ውስጥ የትናንቱ ይታያል። ስሙን ብቻ ማስቀረት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ስልኩን አጥፉ፣ ከዚያ `Make a copy` በሉ፣ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስወግዱት፤ አዲሱ ቅጂ የድሮውን ታሪክ አይዞም። የተጣለ ፋይል ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ስለሚቆይ እሱንም ባዶ አድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፎርሙ በአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይል አይከፈት። ልጁ ሥራ ሲለቅ ዝርዝሩም አብሮት ይለቃል። ማኅበሩ የራሱ አካውንት ይኑረው፤ ፓስወርዱን ሁለት ሰው ይያዝ።

የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቡድን

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ለማሳወቂያ ይሁን፤ ለምዝገባ አይሁን።

ዋትስአፕ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው ቁጥሩ ለሁሉም አባል ይታያል። ቴሌግራም ይሻላል፤ ቁጥሩ መታየቱ በእያንዳንዱ ሰው የግል ቅንብር ይወሰናል። ግን ስንቱ ነው ያን ቅንብር የሚነካው? ቁጥሩ ባይታይ እንኳ ስሙና ፎቶው ይታያል፤ የፈለገ ሰው በውስጥ መስመር ሊጽፍለት ይችላል። የአባላትን ዝርዝር መደበቅ የሚቻለው ከ100 በላይ አባል ባለው ቡድን ነው። ከዚህ ሁሉ ቻናል ክፈቱ። ቻናል ላይ ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም።

ከሁሉ የከፋው "ስማችሁ በትክክል መጻፉን አረጋግጡ" ተብሎ ሙሉ ኤክሴሉ ቡድኑ ላይ ሲለጠፍ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ስልክ ላይ ይወርዳል። መልሳችሁ ብታጠፉት የወረደው አይመለስም። ለሰርተፍኬት ስም ማረጋገጥ ካስፈለገ ለእያንዳንዱ ለብቻው ላኩለት።

የክፍያ ስክሪንሾትም እንደዚሁ ነው። "ከፍላችሁ ስክሪንሾት ላኩልን" ስንል የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የከፈለበትን ሰዓት፣ አንዳንዴም ከሒሳብ ቁጥሩ የተወሰነውን ጭምር አንድ ልጅ ጋለሪ ውስጥ እያከማቸን ነው። የግብይት ቁጥሩን ብቻ ጻፉልን ብትሉ ሂሳብ ክፍል ከባንኩ መግለጫ ጋር ያመሳክረዋል።

የቲኬት ድረ ገጽ

ብዙ ሰው ለሚመጣበትና መግቢያ ለሚከፈልበት ዝግጅት ያመቻል። ጥሩዎቹ ለበረኛው ቲኬት የመቃኘት መብት ብቻ ሰጥተው ዝርዝሩን ይሸሽጉለታል። ግን መረጃው ሦስተኛ ወገን ጋ ነው ያለው። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የአንድን ተሳታፊ መረጃ ማጥፋት እችላለሁ? ለተሳታፊዎቼ የሌላ ሰው ዝግጅት ማስታወቂያ ትልካላችሁ? እኔ ካጠፋሁ በኋላ እናንተ ጋ ምን ይቀራል? ለሦስተኛው የሚሰጧችሁ መልስ ብዙ ጊዜ ውላቸው ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ተሳታፊው ድረ ገጹ ላይ የራሱን አካውንት ከፍቶ ከሆነ እናንተ ማጥፋት የምትችሉት የእናንተን ድርሻ ብቻ ነው።

| መመዘኛ | የተለመደው ወረቀት | ስም ቀድሞ የታተመበት ወረቀት | ፎርምና ሺት | ቡድን | የቲኬት ድረ ገጽ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተመዝጋቢ የሌላውን ያያል? | አዎ፣ ስልክ ጭምር | ስም ብቻ | አያይም፣ ቅንብሩ ከተስተካከለ | አዎ | አያይም |
| ለአዘጋጆች ከፋፍሎ ማሳየት | አይቻልም | ይቻላል | ይቻላል፣ በተለያየ ሺት | አይቻልም | ይቻላል |
| ሲጠፋ ይጠፋል? | አዎ፣ ፎቶ ካልተነሳ | አዎ፣ ፎቶ ካልተነሳ | አዎ፣ ሁለቱም ቦታ ከጠፋ | አይጠፋም | በከፊል |
| ለክፍያ ማስረጃ | ይሆናል | ይሆናል | ብቻውን አይበቃም | አይሆንም | ለመግቢያ ክፍያ ይሆናል |
| ወጪ | የወረቀት | የወረቀትና የኅትመት | ነጻ | ነጻ | ከቲኬቱ የሚቆረጥ |

ለየትኛው ዝግጅት የትኛው?

ከ40 ሰው በታች ከሆነና ገንዘብ የማይከፈል ከሆነ ስም ቀድሞ የታተመበት ወረቀት ይበቃችኋል። ፎርም አትክፈቱ፤ የሌለ ቅጂ አይጠፋም፣ አይሰረቅም።

አበል ወይም ትራንስፖርት የሚከፈል ከሆነ ፎርምና ወረቀት አጣምሩ። ምዝገባው በፎርም፣ ክፍያው ለብቻው በተዘጋጀ የፊርማ ወረቀት። ይህ ወረቀት ከሂሳብ ክፍል ካዝና አይወጣም።

መግቢያ የሚከፈልበት ትልቅ ጉባኤ ከሆነ የቲኬት ድረ ገጹ ያዋጣል። በር ላይ የሚቆሙት ልጆች ብዙ ስለሚሆኑ ዝርዝሩን ከእነሱ መሸሸግ ብቻውን ዋጋው ይገባዋል።

የሰውየው መገኘት ራሱ ምስጢር የሆነበት ዝግጅትም አለ። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የሚረዳዱበት ስብሰባ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የሚሠለጥኑበት። እዚህ ኢንተርኔት አትጠቀሙ። ለእያንዳንዱ ሰው ኮድ ስጡ፤ ወረቀቱ ላይ የሚፈረመው በኮዱ ነው። ኮዱንና ስሙን የሚያገናኘውን አንድ ገጽ አንድ ሰው ብቻ ቆልፎ ይያዝ። ለጋሹ ይህን እንዲቀበል ከውሉ በፊት ተነጋገሩ። ከዝግጅቱ በኋላ "ስም አምጡ" ቢሏችሁ ትጨነቃላችሁ።

አውሮፓ ውስጥ ለሐበሻው ማኅበረሰብ ዝግጅት የምታዘጋጁ ደግሞ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ እናንተንም ይመለከታል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ዝግጅት ዝርዝር በራሱ ሃይማኖትን ስለሚናገር ከተሰብሳቢው ፈቃድ ውጭ ለሌላ አካል አይሰጥም። ዝርዝሩ ከወጣና ሰዎቹን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

እስከ መቼ? አንድ ዝግጅት ከነቀኖቹ

ሐዋሳ ላይ ኅዳር 12 እና 13 የሚካሄድ፣ 120 ሰው የሚመጣበት፣ ትራንስፖርት የሚከፈልበት ሥልጠና እንውሰድ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው።

ፎርሙ አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ስም፣ ድርጅት፣ ስልክ፣ የምግብ ምርጫ፣ እንዲሁም "ወደፊት ስለ ሌሎች ሥልጠናዎች እንድናሳውቅዎ ይፈልጋሉ?" የሚል። ከላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ፦ መረጃውን ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ። ኅዳር 5 ምዝገባ ይዘጋል። ዋናውን ሺት የምናየው ሁለት ሰዎች ነን። ሆቴሉ የምግቡን ቁጥር ይወስዳል። ባጅ የሚያትመው ቤት ስምና ድርጅት ያለበት ፋይል በፍላሽ ይወስዳል። እኔም እዚያው ቆሜ አሳትማለሁ፤ ስጨርስ ከኮምፒውተራቸው ዴስክቶፕ ላይ እንዲያጠፉት አደርጋለሁ። ይህን ባልጠይቅ ኖሮ ፋይሉ ለዓመት እዚያው ይቀመጣል።

ኅዳር 14 የምግቡ ዓምድ ከላይ ባልኩት መንገድ፣ በአዲስ ቅጂ፣ ከሺቱ ይጠፋል፤ ፎርሙ ላይ ያሉት መልሶችም ይሰረዛሉ። ከእንግዲህ ማንም አያስፈልገውም። የክፍያ ፊርማው በዚያው ዕለት ለሂሳብ ክፍል ይተላለፋል። ይህ ወረቀት የሚቆየው እኛ በምንወስነው ሳይሆን የሂሳብ ሕጉና የለጋሹ ውል በሚጠይቀው ልክ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ ለሚሠራ ፕሮጀክት መደበኛው ደንብ የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ከገባበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ለእያንዳንዱ ለጋሽ ውሉን ከፍታችሁ ቁጥሩን ፈልጉና ኤንቨሎፑ ላይ "ይወገድ" ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ቀን ያልተጻፈበት ኤንቨሎፕ በፍጹም አይወገድም።

ኅዳር 20 በር ላይ የነበረው ዝርዝር ይቀደዳል። በጥቅል መጣያ ውስጥ አትጣሉት፤ ተቀድዶ ወይም ተቃጥሎ ይወገድ። በወረቀቱ ጀርባ ቆሎ ሲጠቀለል ያየሁበት ጊዜ አለ።

ታኅሣሥ 13፣ ልክ ከ30 ቀን በኋላ፣ ሪፖርቱና ሰርተፍኬቱ ተልኮ አልቋል። ያኔ "አሳውቁኝ" ያላሉት ሰዎች ስልክ በዚያው መንገድ ከሺቱ ይጠፋል። አዎ ያሉት ወደ ሌላ ዝርዝር ይዛወራሉ፤ በዓመት አንዴ "አሁንም ትፈልጋላችሁ?" ብለን እንጠይቃቸዋለን።

አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ አስቀምጣለሁ። የሰርተፍኬት መዝገብ ነው፦ ስም፣ የሰርተፍኬት ቁጥር፣ ቀን። ሰው ከአራት ዓመት በኋላ "ሰርተፍኬቴ ጠፋብኝ" ብሎ ይመጣል። ለዚህ ስልኩ አያስፈልገኝም። ቁጥሮቹም፣ ማለትም ስንት ሰው ከየትኛው ዘርፍ መጣ የሚሉት፣ ስም ስለሌለባቸው ይቆያሉ።

ስፖንሰር "የተሳታፊዎችን ዝርዝር ላኩልን" ማለቱ አይቀርም። እነዚህን ቁጥሮች እልክለታለሁ። በቀጥታ መገናኘት የሚፈልግ ከሆነ ማስታወቂያውን ለእኔ ይስጠኝ፤ እኔ ለተሳታፊዎቹ አስተላልፋለሁ። የፈለገ ራሱ ይደውልለታል።

ዝርዝሩ ሾልኮ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በእያንዳንዱ ዝርዝር ውስጥ በፈጠራ ስም የራሴን ሁለተኛ ሲም ቁጥር አስገባለሁ። ለየዝግጅቱ ስሙን እቀይራለሁ። የክፍያና የሰርተፍኬት ዝርዝር ውስጥ ግን አላስገባውም። ቁጥሩን ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም። አንድ ቀን ያ ሲም "ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት" የሚል መልእክት ከመጣለት የትኛው ዝርዝር እንደወጣ ከስሙ አውቃለሁ። ከዚያ ማን ማን ጋ እንደነበር እቆጥራለሁ። ሁለት ሰው ጋ ብቻ ከነበረ ደግሞ ቆጠራው ቶሎ ያልቃል።